የግሩፕ ፕሮጀክት ማርክ እንዴት ይሰጥ? ከውሃ ማጣሪያው ፕሮጀክት የተማርነው

በዛሬው «ትምህርታዊ» ዓምዳችን ስለ ሩብሪክ እጽፍላችኋለሁ። ሩብሪክ ማለት አንድ ሥራ በምን በምን እንደሚመዘን፣ ደረጃዎቹም ምን እንደሚመስሉ አስቀድሞ የሚናገር የማርክ መስጫ ሠንጠረዥ ነው። ቃሉ አዲስ ሊሆንባችሁ ይችላል፤ ነገሩን ግን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። «ለምን ይህን ማርክ አገኘን?» ብላችሁ ጠይቃችሁ መልስ ያጣችሁበት ቀን ካለ፣ ያን ቀን የጎደለው እሱ ነበር።

በመጀመሪያ ምን እንደተፈጠረ ልንገራችሁ።

በሳይንስ ትምህርት ከአሸዋ፣ ከጠጠር፣ ከከሰልና ከጥጥ የውሃ ማጣሪያ እንድንሠራ ታዘዝን። ባለ 2 ሊትር ሃይላንድ ቂጡ ይቆረጥና አፉ ወደ ታች ይገለበጣል። ክዳኑ ይበሳል። ከታች ጥጥ፣ ከዚያ የተፈጨ ከሰል፣ ከዚያ አሸዋ፣ ከላይ ጠጠር ይደረጋል። የደፈረሰ ውሃ ከላይ ይፈስሳል፣ ከታች የጠራው ይንጠባጠባል። ክፍላችን 54 ተማሪ ስለሆነ ስድስት ስድስት ሆነን 9 ግሩፕ ሆንን። ማርኩ ከ20 ነበር።

የእኛ ግሩፕ 17 አገኘ። አብራኝ የምትቀመጠው ጓደኛዬ ግሩፕ ደግሞ 11 አገኘ። እሷ ያን ቀን አላለቀሰችም፣ ግን እስከ ምሳ ሰዓት ድረስ አላናገረችኝም። ከዚያ አንድ ነገር ብቻ ጠየቀችኝ። «የእናንተ ውሃ እንዴት እንደዚያ ጠራ?»

ዝም አልኩ። ዝም ያልኩት መልሱን ስለማውቅ ነው። ጠዋት ማጣሪያችንን ስንሞክር የወጣው ውሃ ቡናማ ነበር። ቀኑ የማቅረቢያ ቀን ነው። ስለዚህ ከቧንቧ ውሃ ቀድተን ከታች ባለው ብርጭቆ አስቀመጥን። ቲቸር ብርጭቆውን ከፍ አድርጎ ለክፍሉ አሳየ፣ ተጨበጨበልን። ፖስተራችን ላይም በአራት ዓይነት ከለር የተሳለ ሥዕል ነበረ።

የእሷ ግሩፕ ማጣሪያውን ይዞ ሲመጣ መንገድ ላይ ወድቆባቸው አሸዋውና ከሰሉ ተደባለቀ። እንደገና አጥቦ ለመሥራት ጊዜ አልነበረም። ስለዚህ ሁሉም ሰው እያየ ቡናማ ውሃ ወጣ፣ ተሳቀባቸው። ደብተራቸውን ግን ማንም አልከፈተም። ከሁለት ቀን በኋላ አሳየችኝ። ስድስት ገጽ ነው። ልኬት አለው፣ ቀን አለው፣ «ዛሬ አልተሳካም» የሚል ሁሉ አለው።

ሌላም ነገር ነበር። በእኛ ግሩፕ ውስጥ አንድ ልጅ የመጣው በማቅረቢያው ቀን ብቻ ነው። እሱም 17 አገኘ።

በዚያው ሳምንት ቲቸርን ቢሮ ሄጄ ስለ ቧንቧው ውሃ ነገርኩት። ተቆጣኝ፣ ከዚያ ትንሽ ዝም አለና እንዲህ አለኝ፦ «ጥፋቱ የእናንተ ነው። ግን እኔም የሰጠሁት ማርክ ለጠራ ውሃ ነበር። ለጠራ ውሃ ማርክ ከተሰጠ፣ ሰው የጠራ ውሃ ያመጣል።» ቀጥሎም ለሚኒ ሚዲያውና ለሳይንስ ክበቡ ሥራ ሰጠን። ሩብሪኩን እኛ አርቅቀን እንድናመጣ፣ እሱ አይቶ ለሚቀጥለው ፕሮጀክት እንዲጠቀምበት ተስማማን። እኔና ጓደኛዬ አብረን ሠራነው። እንዴት እንደሠራነው በቅደም ተከተል እነሆ።

አንደኛ፦ ማርኩ ለምን እንደሚሰጥ መምረጥ

መጀመሪያ የመጣልንን ሁሉ ጻፍን። የፖስተር ውበት፣ የእጅ ጽሑፍ፣ ሰዓት ማክበር፣ የውሃው ጥራት፣ መተባበር፣ ልኬት፣ ዕቅድ፣ ድምፅ ከፍ አድርጎ መናገር… 11 ሆነ። ቲቸር አየውና ሳቀ። «11 መስፈርት በ9 ግሩፕ ስንት ነው?» አለን። 99። በአንድ የ40 ደቂቃ ክፍለ ጊዜ 99 ጊዜ አስቦ ማርክ መስጠት አይቻልም። ሲደክመው መጨረሻ ላይ ያሉትን ግሩፖች በግምት ይሰጣል ማለት ነው።

ስለዚህ መቀነስ ነበረብን። ለመቀነስ አንድ ጥያቄ ተጠቀምን፦ «ይህ ነገር ሳይንስ መማሩን ያሳያል ወይስ ሌላ ነገር ነው የሚያሳየው?» የፖስተር ከለር የሚያሳየው ቤት ውስጥ ከለር መኖሩን ነው። ከለር የሚገዛለት ልጅ ማርክ ያገኛል፣ የማይገዛለት ያጣል። ወጣ። የእጅ ጽሑፍ ለቋንቋ ክፍለ ጊዜ ይሁን፣ ወጣ። የውሃው ጥራት ደግሞ በጣም ያከራከረን ነበር። እኔ ይቅር አልኩ፣ የሳይንስ ክበቡ ሰብሳቢ «ማጣሪያ ካላጣራ ምኑን ማጣሪያ ሆነ?» አለ። በመጨረሻ የተስማማነው እንዲህ ነው። ውሃው ካልጠራ ለምን እንዳልጠራ የደረሰበት ግሩፕ፣ ሳያውቅ ከጠራለት ግሩፕ ይልቅ ተምሯል። ስለዚህ ማርኩ ለውሃው ሳይሆን ለምርመራው ይሁን።

አራት መስፈርት ቀረ፦ ፍትሐዊ ሙከራ፣ ልኬትና መዝገብ፣ መደምደሚያ፣ አቀራረብ። እያንዳንዳቸው ከ4 ስለሚታረሙ ድምሩ 16 ይሆናል። የቀረው 4 ማርክ የግል ነው፣ ወደ እሱ እመለሳለሁ። 16 ሲደመር 4፣ 20።

እዚህ ላይ አንድ ስሕተት ሠርተን ነበር። አንዱን መስፈርት «ዕቅዱ ትክክልና ንጹሕ ነው» ብለን ጻፍነው። ትክክል ሆኖ ንጹሕ ካልሆነስ? ወይ ንጹሕ ሆኖ ትክክል ካልሆነ? ማርክ ሰጪው የቱን ይይዛል? በአንድ መስፈርት ውስጥ «እና» የሚል ቃል ሁለት ነገር አስሮ ካገኛችሁ፣ ወይ ለሁለት ክፈሉት ወይ አንዱን ጣሉት።

ሁለተኛ፦ ደረጃዎቹን በሚታይ ነገር መጻፍ

በመጀመሪያው ረቂቅ ደረጃዎቹን «እጅግ በጣም ጥሩ፣ በጣም ጥሩ፣ ጥሩ፣ መሻሻል ያለበት» ብለን ጻፍን። በሰርተፊኬት ላይ እንደምናየው ማለት ነው። አሪፍ መሰለን።

ከዚያ ሞከርነው። ቲቸር ከሌላ ሴክሽን የስድስት ግሩፖችን ደብተር ሰጠን። ስማቸውን ሸፍኖ ነው የሰጠን። እኔና ጓደኛዬ ለየብቻችን ተቀምጠን፣ ሳንነጋገር ማርክ ሰጠን። ስድስት ደብተር በአራት መስፈርት 24 ማርክ ነው። ስናስተያየው አንድ ዓይነት የሰጠነው 11 ብቻ ነበር። በ8ቱ በአንድ ማርክ ተለያየን። በ5ቱ ደግሞ በሁለትና ከዚያ በላይ ተለያየን!

ለምሳሌ በአንድ ደብተር ላይ ለልኬት እኔ 4 ሰጠሁ፣ እሷ 2 ሰጠች። «ለምን 4?» አለችኝ። «ሠንጠረዡ በማስመሪያ ተሰምሯል፣ ያምራል» አልኳት። «እኔ ያየሁት እያንዳንዱን አንድ ጊዜ ብቻ እንደለኩ ነው» አለች። ሁለታችንም አልዋሸንም። «በጣም ጥሩ» የሚለው ቃል ለእኔ አንድ ነገር፣ ለእሷ ሌላ ነገር ነው የሚለው። ቃሉ ማርኩን አልወሰነም፣ እኛ ነን የወሰንነው። ያ ደግሞ ሩብሪክ ከሌለ ጋር እኩል ነው።

ስለዚህ «ጥሩ» የሚለውን ቃል ሙሉ በሙሉ አወጣነው። በምትኩ ደብተሩ ላይ በዓይን የሚታየውን ጻፍን። ስንጽፍም ከ4 አልጀመርንም፣ ከ3 ነው የጀመርነው። 3 ማለት «በክፍል የተማርነውን በትክክል የሠራ ግሩፕ የሚደርስበት» ነው። እሱ ሲጻፍ፣ 4 ከዚያ ላይ ምን እንደሚጨምር፣ 2 ምን እንደሚጎድለው፣ 1 ገና ምን ላይ እንዳለ መጻፍ ቀለለን። ምንም ያላስገባ ግሩፕ 0 ነው። ደረጃዎቹን አራት ያደረግነውም አስበን ነው። አምስት ቢሆኑ መሐል ላይ 3 አለ፣ የተጠራጠረ ሰው ሁሉ እዚያ ላይ ይቀመጣል። አራት ሲሆን መሐል ስለሌለ ደብተሩን ደግሞ ማየት ግድ ይሆናል።

የጻፍናቸውን ከማንበባችሁ በፊት የውሃውን ጥራት እንዴት እንደለካን ልንገራችሁ፣ አለበለዚያ ግልጽ አይሆንም። በነጭ ወረቀት ላይ በጥቁር እስክሪብቶ የመስቀል ምልክት ይሠራል። ቀጥ ያለ ረጅም ብርጭቆ ምልክቱ ላይ ይቀመጣል። ከላይ ወደ ታች እያያችሁ ውሃውን ቀስ እያላችሁ ትጨምራላችሁ። ምልክቱ ሲጠፋባችሁ ታቆሙና የውሃውን ከፍታ በማስመሪያ ትለካላችሁ። ውሃው የጠራ በሆነ ቁጥር ምልክቱ የሚጠፋው በትልቅ ቁጥር ላይ ነው። ብርጭቆው ሞልቶም ምልክቱ ካልጠፋ «ከብርጭቆው ከፍታ በላይ» ብሎ መጻፍ ነው፣ ቁጥር መፍጠር አይቻልም።

አሁን ሩብሪኩ እነሆ።

መስፈርት 1፦ ፍትሐዊ ሙከራ
4 — በደረጃ 3 ያለው ሁሉ አለ፤ በተጨማሪም እኩል የተደረጉት ነገሮች ባይጠበቁ ኖሮ ምን ይሳሳት እንደነበረ ተጽፏል።
3 — በሚነጻጸሩት ማጣሪያዎች መካከል የተለወጠው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ እኩል የተደረጉት ነገሮች በደብተር ተዘርዝረዋል።
2 — የሚነጻጸሩ ማጣሪያዎች አሉ፣ ግን ከአንድ በላይ ነገር አብሮ ተለውጧል።
1 — የተሠራው አንድ ማጣሪያ ነው፣ የሚነጻጸርበት የለም።

መስፈርት 2፦ ልኬትና መዝገብ
4 — በደረጃ 3 ያለው ሁሉ አለ፤ በተጨማሪም ልኬቶቹ ለምን እንደተለያዩ ምክንያት ተፈልጓል።
3 — እያንዳንዱ ማጣሪያ ቢያንስ 3 ጊዜ ተለክቶ ቁጥሮቹ ከነመለኪያቸው (ሴ.ሜ፣ ደቂቃ) ተመዝግበዋል።
2 — ቁጥር አለ፣ ግን የተለካው አንድ ወይም ሁለት ጊዜ ነው፣ ወይም መለኪያ አልተጻፈም።
1 — ቁጥር የለም፤ «ጠራ»፣ «ትንሽ ጠራ» የሚል ቃል ብቻ ነው ያለው።

መስፈርት 3፦ መደምደሚያ
4 — በደረጃ 3 ያለው ሁሉ አለ፤ በተጨማሪም ሙከራው ያላሳየው ነገር ተጠቅሷል።
3 — መደምደሚያው የግሩፑን የራሱን ቁጥሮች ጠቅሶ ከእነሱ ጋር ይስማማል።
2 — መደምደሚያው ከልኬቱ ጋር ይስማማል፣ ግን ቁጥር አልጠቀሰም።
1 — ከመጽሐፍ የተገለበጠ ነው፣ ወይም ከራሳቸው ልኬት ጋር ይጋጫል።

መስፈርት 4፦ አቀራረብ
4 — በደረጃ 3 ያለው ሁሉ አለ፤ በተጨማሪም ሌላ ግሩፕ ሊሳሳት የሚችልበት ቦታና መከላከያው ተጽፏል።
3 — ሌላ ግሩፕ ይህን ብቻ አንብቦ ማጣሪያውን መሥራት ይችላል፤ ቅደም ተከተልም መጠንም አለ።
2 — ቅደም ተከተሉ አለ፣ መጠኑ የለም።
1 — ሥዕልና የአባላት ስም ብቻ ነው።

በመስፈርት 3 «ሙከራው ያላሳየው ነገር» ስንል ምን ማለታችን እንደሆነ ልግለጽ። የእኛ ማጣሪያ ጭቃና ቆሻሻ ይይዛል። በዓይን የማይታዩትን ጀርሞች ግን ሁሉንም አያስቀርም። ስለዚህ ከማጣሪያው የወጣው ውሃ ጠራ ማለት ይጠጣል ማለት አይደለም፣ መፍላት አለበት። በብርጭቆና በመስቀል ምልክት የተለካው ጥራት ነው እንጂ ጤንነት አይደለም። ይህን ብሎ የጻፈ ግሩፕ የራሱን ሙከራ ድንበር አውቋል፤ 4 ይገባዋል።

ሦስተኛ፦ ሩብሪኩን ራሱን መፈተን

ሩብሪክም ይፈተናል። ስድስቱን ደብተሮች እንደገና ለየብቻ አረምን። አሁን ከ24ቱ 19ኙ አንድ ዓይነት ሆኑ። በ5ቱ በአንድ ማርክ ተለያየን። በሁለት የተለያየንበት አልነበረም። ቲቸር የነገረን ደንብ ይህ ነው፦ ሁለት ሰዎች በአንድ ማርክ ቢለያዩ ደብተሩን አብረው አይተው ይስማሙ። በሁለት ከተለያዩ ግን ሰዎቹን አትውቀሱ፣ ዓረፍተ ነገሩን ጠርጥራችሁ እንደገና ጻፉት።

በፈተናው ያገኘነው ጉድለትም ነበር። የመስፈርት 2 ደረጃ 4 መጀመሪያ «ያልተጠበቀ ውጤት ተመዝግቦ ምክንያቱ ተፈልጓል» ይል ነበር። አንዱ ግሩፕ ሁሉም ነገር እንደጠበቀው ስለሆነለት 4 ማግኘት አልቻለም! ስላልተበላሸበት ተቀጣ ማለት ነው። ስለዚህ «ልኬቶቹ ለምን እንደተለያዩ» ወደሚል ቀየርነው። ሦስት ጊዜ የለካ ሰው ሁልጊዜ ትንሽ ልዩነት ያገኛልና ይህ ለሁሉም ይሠራል።

ሌላው ጉድለት ቆጠራ ነበር። በመስፈርት 3 አንድ ጊዜ «አምስት ምክንያት የጻፈ 4፣ አራት የጻፈ 3» ብለን ነበር። እንዲህ ከሆነ ልጆች አንዱን ምክንያት በአምስት ዓይነት ይጽፉታል። ደረጃ ከደረጃ መለየት ያለበት በብዛት ሳይሆን በሥራው ዓይነት ነው ብለን ሰረዝነው።

አራተኛ፦ የግሉ 4 ማርክ

ይህ በጣም አስቸገረን። መጀመሪያ የግሩፕ አባላት እርስ በርስ ማርክ ይሰጣጡ አልን። በሁለት ግሩፕ ሞከርነው። በአንዱ ሁሉም ለሁሉም 4 ሰጠ። በሌላው ደግሞ በኳስ የተጣሉ ሁለት ልጆች እርስ በርስ 1 ተሰጣጡ። ይህ ጓደኝነትን ነው እንጂ ሥራን አልለካም። ተውነው።

በምትኩ የሥራ መዝገብ አደረግን። ከደብተሩ ጀርባ፣ ሥራ በተሠራ ቁጥር አንድ መስመር ይጻፋል፦ ቀን፣ ማን፣ ምን ሠራ። ከሠሪው ሌላ አንድ አባል ይፈርማል። በማቅረቢያው ቀን ቲቸር መዝገቡን እያየ ለእያንዳንዱ አንድ አንድ ጥያቄ ይጠይቃል። የሠራ ሰው የሠራውን ስለሚያውቅ ረጅም ጥያቄ አያስፈልግም።

4 — የራሱን ሥራ ያስረዳል፤ የሌላ አባል ሥራም ለምን እንዳስፈለገ ያስረዳል።
3 — በመዝገብ ያለውን የራሱን ሥራ እንዴትና ለምን እንደሠራ ያስረዳል።
2 — በመዝገብ ሥራ አለው፣ ለምን እንደሠራው ግን አያስረዳም።
1 — በማቅረቢያው ተገኝቷል፣ በመዝገብ ግን ሥራ የለውም።

ረቂቁ ላይ «ቢያንስ ሦስት ቀን የተገኘ» የሚል ነበረው። ያወጣነው በዚያ በመጨረሻው ቀን ብቻ በመጣው ልጅ ምክንያት ነው። እኔ ሰነፍ ነው ብዬ ነበር። ስጠይቀው ከሰዓት በኋላ የእናቱን ሱቅ የሚጠብቀው እሱ ነው፤ እኛ ደግሞ ሁልጊዜ የምንገናኘው ከሰዓት በኋላ ነበር። ማንም «በሌላ ሰዓት እንገናኝ» አላለውም። «ጠጠሩን በመጠን መለየት፣ ሠንጠረዥ ማስመር፣ ሱቅ ውስጥ ሆኜም እሠራው ነበር» አለኝ። ስለዚህ መዝገቡ የሚቆጥረው ቀን ሳይሆን ሥራ ነው፣ የትም ይሠራ። ግሩፑም በመጀመሪያው ቀን ለእያንዳንዱ አባል በሚመቸው ሰዓት የሚሠራ ሥራ መስጠት አለበት። አለበለዚያ ሩብሪኩ የሚቀጣው ሰነፉን ሳይሆን ሥራ የበዛበትን ልጅ ይሆናል።

አምስተኛ፦ በሁለቱ ግሩፖች ላይ ሲሠራ

የራሳችንን ግሩፕ ራሳችን ማረም ስለማይሆን፣ ቲቸርና ከሌላ ሴክሽን ሁለት የሳይንስ ክበብ ልጆች የእኔንና የጓደኛዬን ግሩፕ ሥራ በአዲሱ ሩብሪክ አረሙ።

የጓደኛዬ ግሩፕ ጥያቄ «የአሸዋው ውፍረት የውሃውን ጥራት ይለውጣል ወይ?» የሚል ነበር። አንዱ ማጣሪያ 5 ሴ.ሜ፣ ሌላው 10 ሴ.ሜ አሸዋ ነበረው። ውሃው ከአንድ ባልዲ፣ በየጊዜው 500 ሚሊ ሊትር ነው። «ከመቅዳታችን በፊት እናማስላለን፣ ካልተማሰለ ጭቃው ወደ ታች ይዘቅጥና የመጨረሻው ውሃ የበለጠ ይደፈርሳል» ብለው ጽፈዋል። ፍትሐዊ ሙከራ 4።

ያልተጣራው ውሃ ምልክቱን የደበቀው በ3 ሴ.ሜ ነበር። በመጀመሪያ ቀን ያጣሩት በ2 ሴ.ሜ ደበቀው፤ ማለትም ከማጣሪያው የወጣው ከገባው የባሰ ነው! አልሰረዙትም። ከስሩ «አሸዋው ራሱ አቧራ ስላለው ይሆናል» ብለው ጻፉ። አሸዋውን ማጠቢያው ውሃ እስኪጠራ ድረስ ደጋግመው አጠቡ። ከዚያ በ5 ሴ.ሜ አሸዋ 6፣ 7፣ 8 ሴ.ሜ አገኙ፣ አማካዩ 7 ነው። በ10 ሴ.ሜ አሸዋ 10፣ 11፣ 12 አገኙ፣ አማካዩ 11 ነው። «መጀመሪያ የወጣው ያንሳል፣ የቀረ አቧራ እየታጠበ ስለሚሄድ ይሆናል» ብለዋል። ልኬትና መዝገብ 4።

መደምደሚያቸው 7ን እና 11ን ጠቅሶ ወፍራሙ አሸዋ የበለጠ እንዳጣራ ይናገራል፣ ስለ ጀርም ግን አልጻፉም። 3። ንብርብሩን በቅደም ተከተል ጽፈዋል፣ የጠጠሩና የከሰሉ መጠን ግን የለም። 2። ድምሩ ከ16፣ 13 ሆነ።

የእኛ ደግሞ፦ አንድ ማጣሪያ ብቻ ነው፣ 1። ቁጥር የለም፣ «ጠራ» ብቻ ነው፣ እሱም ውሸት ነው፣ 1። መደምደሚያው ከመጽሐፍ የተገለበጠ ነው፣ 1። አቀራረባችን ቅደም ተከተልም መጠንም ስላለው 3። ድምሩ ከ16፣ 6። ስለ ተተካው ውሃ ቲቸር «ማታለል በሩብሪክ አይታረምም፣ እሱን ከእናንተ ጋር ለብቻ እንነጋገራለን» አለ፣ ተነጋገርንም። ከዚያ የግል ማርክ ተጨምሮ ጓደኛዬ 17፣ እኔ 9 ሆንን።

እውነት ለመናገር 9 ማየት ደስ አይልም። ግን ለመጀመሪያ ጊዜ ማርኩን አይቼ ቀጥሎ ምን እንደማደርግ አወቅሁ። ሁለተኛ ማጣሪያ መሥራት፣ ሦስት ጊዜ መለካት፣ ቁጥሩን ጠቅሶ መደምደም። 17 ባየሁ ጊዜ ግን ምን እንደጎደለን አላወቅሁም ነበር።

መጠንቀቅ ያለብን

ይህ ሩብሪክ ለሁሉም ፕሮጀክት አይሆንም። ለምሳሌ የፀሐይ ቤተሰብን ሞዴል ብንሠራ የሚነጻጸር ማጣሪያ የለም፣ ሦስት ጊዜ የሚለካም የለም። እዚያ ላይ መስፈርት 1ንና 2ን ጥሎ «የፕላኔቶቹ ቅደም ተከተል ትክክል ነው ወይ፣ መጠናቸው በምን ስሌት አነሰ» የሚል መጻፍ ያስፈልጋል። የማይለወጠው አሠራሩ ነው፦ ከደረጃ 3 መጀመር፣ የሚታይ ነገር መጻፍ፣ በሁለት ሰው መፈተን።

ሁለተኛው፣ ሩብሪኩ መሰጠት ያለበት ፕሮጀክቱ በሚታዘዝበት ቀን ነው። መጨረሻ ላይ ከመጣ ለመቅጣት እንጂ ለመሥራት አይረዳም። እኛ ሦስት ጊዜ መለካት እንዳለብን መጀመሪያ ብናውቅ ኖሮ፣ ወደ ቧንቧው የምንሄድ አይመስለኝም።

ቲቸር ረቂቁን አይቶ ሁለት ቃል ቀይሮ ተቀብሎታል። አሁን አራት መስፈርት በ9 ግሩፕ 36 ማርክ ነው፣ በክፍለ ጊዜው ይደርሳል። የግል ጥያቄውን በሚቀጥለው ክፍለ ጊዜ ይጠይቃል። ሙሉው ሠንጠረዥ በሚኒ ሚዲያው ሰሌዳ ላይ በትልቅ ወረቀት ተለጥፏል፣ ግልጽ ያልሆነ ዓረፍተ ነገር ካገኛችሁ ከሥሩ በእርሳስ ምልክት አድርጉበት፣ እናስተካክለዋለን። ትናንት አንድ የስድስተኛ ክፍል ልጅ «መለኪያ ማለት ማስመሪያው ነው ወይስ ሴንቲሜትሩ?» ብሎ ጽፎበት አገኘን። ልክ ነው፣ ግልጽ አልነበረም። «ሴ.ሜ፣ ደቂቃ» የሚለውን በቅንፍ የጨመርነው በእሱ ምክንያት ነው።